ለወንድም የተሰጠ የባንክ ውክልና እንዴት ይመረመራል?

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት አዲስ አበባ የሚኖረውን ወንድሟን ወክላለች እንበል። ባንክ ውስጥ ሁለት ሂሳብ አላት። አንዱ ከደመወዟ የምትልከው ገንዘብ የሚገባበት የቁጠባ ሂሳብ ነው፤ ሌላው ለአንድ ዓመት የታሰረ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው። ወንድሟ በየወሩ ለእናታቸው ወጪ የሚሆን ገንዘብ እንዲያወጣ፣ የኮንዶሚኒየሟን የወር ክፍያ እንዲከፍል፣ የታሰረው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስም ወደ ቁጠባው እንዲያዛውርላት ትፈልጋለች። በቆንስላው ቀርባ የፈረመችው ወረቀት ዋና ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦

«በስሜ የሚገኘውን የባንክ ሂሳብ እንዲያንቀሳቅስልኝ፣ ገንዘብ ገቢና ወጪ እንዲያደርግልኝ፣ እንዲሁም ማናቸውንም ጉዳዬን እንደ እኔ ሆኖ እንዲያስፈጽምልኝ ወክዬዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በብዙ ቤተሰብ እጅ ይገኛል። ሲነበብ ሁሉን ነገር የያዘ ይመስላል። ወንድምየው ግን ይዞት ባንክ ሲሄድ የወር ወጪው ይሰጠዋል፣ የታሰረውን ገንዘብ ላዛውር ሲል «ይህ በውክልናው ላይ የለም» ይባላል። እህት ስትሰማ ትናደዳለች፤ «ማናቸውንም ጉዳይ ብዬ ጽፌ!» ትላለች። ባንኩ ግን አልተሳሳተም። ምክንያቱን ለማየት ወረቀቱን በሕጉ ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2203 ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ ይሰጠዋል። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ቀጣዩ ቁጥር 2204 ይዘረዝራል፦ ንብረትን መጠበቅና መንከባከብ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ለወካዩ የሚከፈል ዕዳ መሰብሰብ፣ ከንብረቱ የተገኘውን ገቢ ሥራ ላይ ማዋል፣ የወካዩን ዕዳ መክፈልና የመሳሰለው ነው። ከዚህ ያለፈውን ቁጥር 2205 ለልዩ ውክልና ይተወዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣነት ማስያዝ፣ ዋና ገንዘብን ኢንቨስት ማድረግ፣ የሐዋላ ሰነድ መፈረም፣ በእርቅ መጨረስ፣ ስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት ከስሶ ወይም ተከሶ መከራከር በየስማቸው ተለይተው ካልተጻፉ ተወካዩ ሊያደርጋቸው አይችልም።

ስለዚህ «ማናቸውንም ጉዳዬን እንደ እኔ ሆኖ» የሚለው ሐረግ የሚከፍተው በር ጠባብ ነው። እህትየው ሰፊ ሥልጣን የሰጠች መስሏት ነበር፤ ሕጉ ግን ከዚህ ሐረግ የሚያወጣው አስተዳደርን ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ የሕጉ አቋም ለወካዮች ትልቅ ጥበቃ ነው እላለሁ። ሰው በችኮላ በፈረመው አንድ መስመር ቤቱንና ጥሪቱን እንዳያጣ የተቀመጠ ነው።

አሁን የእህትን ወረቀት በግስ በግሱ እንየው። የባንክ ውክልና የሚመረመረው በግሶቹ ነውና፣ እያንዳንዱን ግስ ለብቻ አስምሮ «ይህ ምን ያስደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

«ገቢ እንዲያደርግ» የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ ገንዘብ ማስገባት ማንንም አይጎዳም። «ወጪ እንዲያደርግ» የሚለው ወንድምየው መስኮት ላይ ቀርቦ ከቁጠባው ጥሬ ገንዘብ እንዲያወጣ ያስችለዋል። የኮንዶሚኒየሙ ክፍያም ያልፋል፤ ዕዳ መክፈል የአስተዳደር ሥራ ስለሆነ ባይጻፍ እንኳ ሊከራከሩበት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ችግሩ ይጀምራል። «እንዲያንቀሳቅስ» የሚለው ግስ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ማስተላለፍን ይጨምራል? የጊዜ ገደብ ተቀማጭን ማፍረስን ወይም ማደስን ይጨምራል? ሂሳቡን መዝጋትን፣ አዲስ ሂሳብ መክፈትን፣ ቼክ ደብተር መቀበልን፣ የሞባይል ባንኪንግ ማስመዝገብን ይጨምራል? አንዱ ሠራተኛ አዎ ሊል ይችላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። የሕግ ክፍሉ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ጠባቡ ትርጉም ነው። ያለ ሥልጣን የተከፈለ ገንዘብ ሲገኝ ወካይዋ «እኔ አልፈቀድኩም» ብላ ባንኩን ልትጠይቅ ትችላለችና፣ ባንኩ አደጋውን በራሱ ላይ አይወስድም።

ቼክ ለብቻው መታየት አለበት። ሕጉ የሐዋላ ሰነድ መፈረምን ከልዩ ውክልና ጋር ስላስቀመጠው፣ ባንኮች ለቼክም «ቼክ እንዲፈርም» የሚል ግልጽ ቃል ይፈልጋሉ። ወካዩ ይህን ቃል ከመጻፉ በፊት ተወካዩም ራሱ እንዲያስብበት እመክራለሁ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መሠረት በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው። ሂሳቡ የእህቱ ቢሆንም ቼኩ ላይ የፈረመው ወንድም ነውና ጥያቄው እሱ ዘንድ ሊመጣ ይችላል። ገንዘብ ከዱባይ በወቅቱ ሳይደርስ የቀረበት ወር ለእሱ አደገኛ ነው።

ብድርና ዋስትናም እንዲሁ ናቸው። «እንዲበደርልኝ»፣ «ሂሳቤን ወይም ቤቴን በመያዣነት እንዲያስይዝ» የሚሉ ቃላት ካልተጻፉ ባንኩ በውክልናው ብድር አይሰጥም። ችግሩ የሚመጣው በተቃራኒው ነው። በየጸሐፊው ቤት በተዘጋጀ ሞዴል ላይ እነዚህ ቃላት አስቀድመው ይገኛሉ፣ ወካዩም ሳያነብ ይፈርማል። የእናቱን መድኃኒት ለማስገዛት ብሎ ውክልና የሰጠ ሰው በዚያው ወረቀት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ በዋስትና እንዲፈርም» ብሎ ፈቅዶ ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱን ስትመረምሩ የጎደለውን ብቻ አትፈልጉ፤ የማትፈልጉት ምን እንደገባበትም እዩ።

አንድ ጥያቄ በቤተሰብ መካከል ማንሳት ያሳፍራል፣ ግን መነሣት አለበት፦ ወንድም ገንዘቡን ወደ ራሱ ሂሳብ ማዛወር ይችላል? ውክልና ባለቤትነትን አያሻግርም። ሕጉ ተወካዩ በወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ ሲጠየቅም ስለ ሥራው ሂሳብ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ስጦታ ደግሞ ልዩ ውክልና ከሚጠይቁት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ራሱን በእህቱ ገንዘብ ሊሸልም አይችልም። ይህን የሚያደርግ ሰው ገንዘቡን ከነወለዱ መመለስ ብቻ ሳይሆን በእምነት ማጉደል ወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል። እህትየው ግን የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ሂሳብ እንዲከፍል ፈቅዳለት ከሆነ፣ በቃል ብቻ መቅረቱ ለሁለቱም አይበጅም። «የራሱን የትምህርት ክፍያ ከዚሁ ሂሳብ እንዲከፍል» የሚል አንድ መስመር ነገ በወንድማማቾች መካከል የሚነሣ ክስን ያስቀራል።

ሌላው የሚረሳ ነገር መተካት ነው። ተወካይ ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት፤ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ እንዲወክል ካልተፈቀደለት ወረቀቱን ለሚስቱ ወይም ለጓደኛው ሊያሻግር አይችልም። በብዙ ሞዴሎች ላይ «ሌላ ሰው እንዲወክልልኝ» የሚለው ሐረግ የሚገባው ለጠበቃ ታስቦ ነው። በባንክ ጉዳይ ላይ ግን ወካይዋ ፈጽሞ የማታውቀው ሰው መስኮቱ ላይ እንዲቆም በር ይከፍታል። ለጠበቃ ካስፈለገ «ጠበቃ እንዲያቆምልኝ» ብሎ መወሰን ይቻላል። ሁለት ዘመዶች አብረው ከተወከሉም «በጋራ» ወይም «በተናጠል» የሚለው መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ባንኩ ሁለቱም ካልቀረቡ አልከፍልም ሊል ይችላል።

እንግዲህ የእህቲቱ ፍላጎት በትክክል ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«በ… ባንክ … ቅርንጫፍ በስሜ ከተከፈተው ቁጥሩ … ከሆነ የቁጠባ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ከብር 30,000 ያልበለጠ ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ፤ ከዚሁ ሂሳብ የኮንዶሚኒየም ቤቴን የወር ክፍያ እንዲከፍል፤ ቁጥሩ … የሆነው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ጊዜው ሲደርስ ዋናውንና ወለዱን ወደዚሁ የቁጠባ ሂሳብ ብቻ እንዲያዛውር፤ የሁለቱንም ሂሳቦች መግለጫ እንዲጠይቅና እንዲቀበል ወክዬዋለሁ። ይህ ውክልና ቼክ መፈረምን፣ መበደርን፣ ሂሳቦቹን በዋስትና ማስያዝን፣ ሂሳብ መዝጋትንና ሌላ ሰው መተካትን አይጨምርም። እስከ … ቀን ድረስ የጸና ነው።»

የገንዘብ ጣሪያውን በተመለከተ ልብ በሉ። «በአንድ ጊዜ ከዚህ ያልበለጠ» የሚለውን ገደብ ገንዘብ ከፋዩ እዚያው ያየዋል። «በወር ከዚህ ያልበለጠ» ከተባለ ግን አንድ ሰው የወሩን ወጪ ሁሉ መደመር አለበት፣ ወንድምየውም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የወር ገደብ ከመጻፍ በፊት ባንኩ በሲስተሙ ላይ ሊመዘግበው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ካልቻለ ከሁሉ የሚቀለው መላ ለወጪ የሚሆን ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ከፍቶ፣ ውክልናውን በዚያ ሂሳብ ላይ ብቻ መስጠትና በየወሩ የሚበቃውን ያህል ማስገባት ነው። ያኔ ገደቡን የሚጠብቀው ሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ልክ ይሆናል።

የሂሳብ ቁጥሩ ሲጻፍ ደግሞ ከባንክ ደብተሩ ላይ እያዩ መገልበጥ ነው እንጂ ከቴሌግራም መልእክት ወይም ከልብ መጻፍ አይገባም። አንድ አሃዝ የተሳሳተ ውክልና ለሌላ ሰው ሂሳብ የተሰጠ ያህል ነው፤ ማስተካከያውም እንደገና ቆንስላ መሄድ ይሆናል።

ወሰኑ ከታየ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ወረቀቱ ዛሬ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ውክልና መስጠትም ሆነ መሻር ሥልጣን ባለው አካል ፊት ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ ያለበት ሰነድ ነው፤ ይህን የሚገዛው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። አገር ውስጥ ያለ ሰው ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» ወደሚለው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ውጭ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈርማል። የዱባዩ ወረቀት ግን ከቆንስላው በወጣበት መልኩ በቀጥታ ባንክ አይገባም። አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላውን ማህተምና የባለሥልጣኑን ፊርማ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ባንክ ደርሰው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ወይም ግርጌ የእነዚህን ሁለት ቤቶች ማህተምና የምዝገባ ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ከጎደለ ሥራው በመንገድ ላይ ነው ያለው።

ቀንም ያደናግራል። የቆንስላው ማህተም 21/01/2024 ቢል፣ የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ ጥር 12 ቀን 2016 ቢል ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። ውጭ የተሠራ ወረቀት ሁሉ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ሊኖረው ይችላልና፣ «ቀኑ አይመሳሰልም» ከመባሉ በፊት መቁጠሪያውን አስታርቁ። የእውነት የማይታረቁ ቀኖች ግን የማጭበርበር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለምሳሌ የምዝገባው ቀን ከፊርማው ቀን ቀድሞ ከተገኘ መጠየቅ የግድ ነው።

ውክልና በራሱ ጊዜ አይሞትም። ማብቂያ ቀን ካልተጻፈበት የሚቀረው ጉዳዩ እስኪያልቅ፣ ወካዩ እስኪሽረው ወይም ተወካዩ እስኪተወው፣ ከሁለቱ አንዱም እስኪሞት ድረስ ነው። ሆኖም ባንኮች ዓመታት ያስቆጠረ ወረቀት ሲቀርብላቸው አለመሻሩን ከመዘገበው ቢሮ ማረጋገጫ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ይህን እንደ እንግልት አትዩት። ወካይዋ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ከዓመት በፊት ሽራው ቢሆን ኖሮ ገንዘቧን የሚያድነው ይህ ጥያቄ ነው።

ከሞት ጋር የተያያዘው ነገር በቤተሰብ ውስጥ ከሁሉ የከፋ ጥል ያስነሣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። አባት በሞተ ማግስት የበኩር ልጅ በውክልናው ባንክ ሄዶ «ለተዝካሩ» ብሎ ገንዘብ ቢያወጣ፣ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥልጣኑ አብቅቷል። ገንዘቡ የወራሾች ሁሉ ነው፤ የሚወጣውም ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ከሰጠ በኋላ ነው። በዚያ ቀን የወጣ እያንዳንዱ ብር በባንክ መግለጫው ላይ ከሰዓቱ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ወራሾቹም ያዩታል። ያው ቁጥር ወካዩ ሞቶ ባይሆንም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው እንደሚቀር ይናገራል። እናትየው የመርሳት ሕመም ይዟት ንብረቷን በራሷ እንዳታስተዳድር በፍርድ ቤት ከተከለከለች፣ ልጅቷ ከዚህ በፊት በተሰጣት ወረቀት ልትቀጥል አትችልም፤ ሞግዚት በፍርድ ቤት መሾም አለበት። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስላለ፣ ዕድሜያቸው የገፉ ወላጆች ሙሉ አእምሮ እያላቸው ውክልና ሲሰጡ ይህን ነገር አንሥተው በጽሑፍ ቢወስኑ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ኤቲኤም ካርድና ስለ ሞባይል ባንኪንግ ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ቤተሰብ ውክልና ከማውጣት ይልቅ ካርዱንና ፒኑን ለዘመድ ይሰጣል። ይህ ውክልና አይደለም። ባንኩ የሚያየው ባለ ሂሳቧ ራሷ ያወጣችውን ነው፤ ክርክር ቢነሣ «እኔ አይደለሁም» ማለት አይቻላትም፣ ከሞት በኋላም ቢሆን ካርዱ መሥራቱን ይቀጥላል። ካርድ የተሰጠበት ቤት ውስጥ ውክልናውን ብቻ መመርመር ግማሹን ማየት ነው።

ወደ ፊርማው እንምጣ። ባንክ ሁለት ፊርማ ያያል። የመጀመሪያው የወካይዋ ነው፤ ሂሳቡ ሲከፈት ካርድ ላይ ከሰጠችው የፊርማ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። ሂሳቡን ከዓመታት በፊት በአማርኛ ፈርማ የከፈተች ሰው ዱባይ ስትኖር በፓስፖርቷ ላይ ባለው በእንግሊዝኛ ፊርማ ትለምዳለች፣ ውክልናውንም በዚያው ትፈርማለች። በሕግ ሰነዱ ቆንስላው ፊት በአካል ቀርባ መፈረሟ ስለተረጋገጠ የፊርማው ልዩነት ብቻውን ሰነዱን ዋጋ አያሳጣውም። ባንኩ ግን ልዩነቱን እንደ ማስጠንቀቂያ ያየዋል፣ ይዘገያል፣ ወደ ውጭ ደውሎ ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመፈረም በፊት የባንኩን ናሙና ማስታወስና በዚያው መፈረም፣ የተለወጠ ከሆነ የፓስፖርቱን ቅጂ ማያያዝና በቅርንጫፉ አዲስ ናሙና የሚሰጥበትን መንገድ መጠየቅ።

ስምም ከፊርማ አይለይም። አካውንቱ በአማርኛ ሦስት ስም ይዞ ተከፍቷል፤ ፓስፖርቱ በላቲን ፊደል ነው፣ የአያት ስም ላይኖርበት ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዜግነት የወሰደች ሰው ደግሞ በባሏ ስም ትጠራ ይሆናል። ባንኩ «የውክልናው ሰውና የሂሳቡ ሰው አንድ መሆናቸው አልተረጋገጠም» ሲል ያሳዝናል፣ ግን ልክ ነው። ውክልናው ላይ ስሟ በሂሳቡ ላይ ባለው አጻጻፍ ተጽፎ፣ ከጎኑ «በፓስፖርቴ ላይ … ተብዬ የምጠራው» ቢባልና የፓስፖርት ቁጥሩ ቢገባ አብዛኛው ጣጣ ይቀራል። የወንድምየውም ሙሉ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት፤ «ታናሽ ወንድሜ» ማለት ማንነትን አያረጋግጥም።

የማያነቡ ወይም ዓይነ ስውር የሆኑ ወላጆች በጣት አሻራ ይፈርማሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት ይህ አሻራ የሚያስገድዳቸው ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቀለም ተነክሮ በጎረቤት ምስክርነት የታተመ አሻራ ባንክ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ፊርማ የተወካዩ ነው። ወንድምየው መጀመሪያ ሲቀርብ የራሱን ናሙና ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየወጪ ቅጹ ላይ የሚፈርመው የራሱን ፊርማ ነው፣ «ስለ ወካይ» ብሎ። የእህቱን ፊርማ አስመስሎ መፈረም፣ እሷ በስልክ «ችግር የለም፣ ፈርምልኝ» ብትለው እንኳ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ውክልና ያለው ሰው ይህን ማድረግ ፈጽሞ አያስፈልገውም።

ወረቀቱን ራሱ ስታዩ ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም መኖሩን፣ ስርዝ ድልዝ ካለ ከጎኑ ባለሥልጣኑ የፈረመበት መሆኑን፣ የምዝገባ ቁጥሩ በግልጽ መነበቡን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ገጽ ተቀይሮ ማህተሙ ያለበት የመጨረሻው ብቻ እውነተኛ የሆነበት ሰነድ ሊያጋጥም ይችላል። የገጾቹ ወረቀትና የፊደሉ ዓይነት ከተለያዩ ከመዘገበው ቢሮ ቀሪ ጋር ማመሳከር ነው። የተመዘገበ ሰነድ አንድ ቅጂ እዚያ ስለሚቀር፣ ባንኩም በዚያ ቀሪ ማረጋገጥ ይችላል።

አሁን እህትየው መርምራ ወረቀቷን ልትቀይር ወስናለች እንበል። አዲስ ውክልና መስጠት ብቻ አይበቃም፤ አሮጌው ወረቀት አሁንም በወንድሟ ቦርሳ ውስጥ አለ። ሕጉ በቁጥር 2226 ላይ ወካይ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል፣ «አልሽርም» ብሎ ቢዋዋል እንኳ ያ ስምምነት ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ በዚያው ቆንስላ የአሮጌውን ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ የመሻሪያ ሰነድ ትፈርማለች፣ እሱም እንደ ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ ያልፋል። ከዚያ የሚቀረው ማሳወቅ ነው። ለወንድሟ መንገርና ዋናውን ወረቀት ማስመለስ፣ ለባንኩም በጽሑፍ ማቅረብ ይገባታል። ይህን ሳታደርግ ብትቀር፣ መሻሩን ያላወቀ ባንክ በአሮጌው ወረቀት ለከፈለው ገንዘብ ኃላፊነቱ ወደ እሷ ሊዞር ይችላል፤ ሕጉ ወረቀቱን ሳያስመልስ ወይም ሳያሳውቅ የቀረን ወካይ ከተወካዩ ጋር ተጠያቂ ያደርጋል። አሮጌው ውክልና የትኛው ባንክ እንደሆነ ሳይጠቅስ «የባንክ ሂሳብ» ብቻ ስለሚል፣ ሂሳብ ያላት በሁለት ባንክ ከሆነ ለሁለቱም ማሳወቅ አለባት።

መሻሪያው ለባንኩ ሲቀርብ ሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አድርጎ ይመልሳል። ያ ማህተም ያለበት ቅጂ ዱባይ ካለችው እህት እጅ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ባንኩ በአሮጌው ወረቀት አንድ ብር ቢከፍል የምትጠይቀው ባንኩን ነው።